የስም ዝርዝር በትክክል መደርደሩ እንዴት ይረጋገጣል? የፍጥነቱስ ወሰን የት ድረስ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚያመራው አውራ ጎዳና በምዕራብ ሸዋ ዞን ሲያልፍ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን በዚሁ ቅደም ተከተል ያገኛቸዋል፡፡ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አምስቱን ከተሞች እንደ ርቀታቸው ለመደርደር አይቸገርም፡፡ ኮምፒዩተር ግን እንደዚህ ያለ እውቀት የለውም፡፡ ሁለት ሁለት ከተሞችን እያነሳ «ከእነዚህ ከአዲስ አበባ ይበልጥ የሚርቀው የትኛው ነው?» ብሎ ከመጠየቅና መልሱን ተከትሎ ቦታቸውን ከመለወጥ ሌላ መንገድ የለውም፡፡

የጡረተኞችን፣ የተፈታኞችን ወይም የባለይዞታዎችን ስም በፊደል ተራ የሚያስቀምጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕሮግራሞችም የሚሠሩት በዚሁ አኳኋን ነው፡፡ ልዩነቱ የሚነጻጸሩት ከተሞች ሳይሆኑ ስሞች መሆናቸው ብቻ ነው፡፡ ይህን መሰል ፕሮግራም የሚረከብ መሥሪያ ቤት ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል፡፡ አንደኛው ፕሮግራሙ ለማንኛውም ዝርዝር ትክክለኛ ውጤት እንደሚሰጥ በምን ይታወቃል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚህ የበለጠ ፈጣን ፕሮግራም ሊኖር ይችላል ወይ የሚለው ነው፡፡ ሁለቱም ጥያቄዎች በሙከራ ብቻ አይመለሱም፡፡ ሁለቱም ግን በወረቀት ላይ በሚደረግ ማረጋገጫ የማያሻማ መልስ አግኝተዋል፡፡

ተደረደረ ማለት ምን ማለት ነው?

ዝርዝሮችን ለመደርደር ከሚያገለግሉት ስልተ ቀመሮች፣ ማለትም በደረጃ ከተቀመጡ የአሠራር ሥርዓቶች፣ ለመረዳት ከሚቀሉት አንዱ የማስገባት ዘዴ ይባላል፡፡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሎችን አንድ በአንድ እያነሳ ቀደም ሲል ባስተካከላቸው መካከል በተገቢው ቦታ ከሚያስገባበት አሠራር ጋር አንድ ነው፡፡ በፕሮግራም መልክ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፡፡

```
for j = 2 to n
    key = A[j]
    i = j - 1
    while i > 0 and A[i] > key
        A[i+1] = A[i]
        i = i - 1
    A[i+1] = key
```

በዚህ ጽሑፍ `A` ዝርዝሩ፣ `n` የዝርዝሩ ብዛት ሲሆን፣ `key` ደግሞ ለጊዜው ከተራው ወጥቶ በእጅ የተያዘው ከተማ ነው፡፡ የ`>` ምልክት «ይበልጥ ይርቃል» ማለት ነው፡፡ ውጫዊው ዑደት ከሁለተኛው ቦታ ጀምሮ እያንዳንዱን ከተማ በተራ ያነሳል፡፡ ውስጣዊው ዑደት ደግሞ በእጅ ከተያዘው የሚርቁትን አንድ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ እየገፋ ክፍተት ያዘጋጅለታል፡፡

ከተሞቹ ጉደር፣ አምቦ፣ ባኮ፣ ጊንጪ፣ ጌዶ በሚል ተራ ቀረቡ እንበል፡፡ በመጀመሪያው ዙር አምቦ ይነሳል፡፡ ጉደር ከአምቦ ስለሚርቅ ወደ ቀኝ ይገፋና አምቦ ከፊቱ ይገባል፡፡ በሁለተኛው ዙር ባኮ ይነሳል፤ ጉደር ከባኮ ስለማይርቅ ባኮ ባለበት ይቆያል፡፡ በሦስተኛው ዙር የሚነሳው ጊንጪ ከባኮ፣ ከጉደርና ከአምቦ ጋር ተነጻጽሮ ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፡፡ በመጨረሻው ዙር ጌዶ ባኮን ወደ ቀኝ አስገፍቶ ከጉደር ቀጥሎ ይቀመጣል፡፡ ውጤቱ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ ይሆናል፡፡ ለዚህም 1፣ 1፣ 3 እና 2፣ በድምሩ 7 ጊዜ ማነጻጸር አስፈልጓል፡፡

ውጤቱ ትክክል ነው ለማለት ብዙ ሰዎች የሚመለከቱት እያንዳንዱ ስም ከሚከተለው መቅደሙን ነው፡፡ ይህ ግን የመስፈርቱ ግማሽ ብቻ ነው፡፡ ከላይ ባለው ፕሮግራም `key` የሚለው መያዣ ተረስቶ በሁለቱም ቦታ `A[j]` ቢጻፍ ምን እንደሚከተል መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፡፡

በመጀመሪያው ዙር ጉደር ወደ ሁለተኛው ቦታ ሲገፋ በዚያ የነበረው አምቦ ይደመሰሳል፡፡ በእጅ የተያዘ ስም ስለሌለም በመጀመሪያው ቦታ ተመልሶ የሚጻፈው ያው ጉደር ይሆናል፡፡ ጊንጪና ጌዶም በተከታታይ ዙሮች በተመሳሳይ መንገድ ይጠፋሉ፡፡ ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚያወጣው ዝርዝር ጉደር፣ ጉደር፣ ባኮ፣ ባኮ፣ ባኮ የሚል ነው፡፡ ይህ ዝርዝር ከቅርብ ወደ ሩቅ በትክክል ተደርድሯል፤ ቁጥሩም እንደ ቀድሞው አምስት ነው፡፡ ተራውንና የመስመሮቹን ብዛት ብቻ የሚመለከት ፍተሻ አንዳችም ጉድለት አያገኝበትም፡፡ ነገር ግን የዞኑ ዋና ከተማ አምቦን ጨምሮ ሦስት ከተሞች ከዝርዝሩ ወጥተዋል፡፡

በከተሞቹ ምትክ የጡረተኞች ስም ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰዎች ያለ ክፍያ ቀርተው ሌሎች ሁለት ሰዎች ደጋግመው በተመዘገቡ ነበር፡፡ በዚህ ምክንያት የመደርደር ተግባር መስፈርት ሁለት ነው፡፡ አንደኛ፣ ዝርዝሩ በተራው መሆን አለበት፡፡ ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የነበሩት ስሞች ሳይጎድሉና ሳይደገሙ በሙሉ መገኘት አለባቸው፡፡

የማይለወጠው ሐቅ

ፕሮግራሙ ሁለቱን መስፈርቶች ለአምስት ከተሞች ማሟላቱን መከታተል አይከብድም፡፡ ለማንኛውም ዝርዝር እንደሚያሟላ ለማረጋገጥ ግን ሁሉንም መሞከር አይቻልም፡፡ አምስት ስሞች ብቻ 120 ዓይነት አቀማመጥ አላቸው፡፡ አሥር ስሞች ደግሞ 3 ሚሊዮን 628 ሺህ 800 አቀማመጥ ይኖራቸዋል፡፡

መፍትሔው ዑደቱ የቱንም ያህል ጊዜ ቢዞር በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ላይ እውነት ሆኖ የሚገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር መፈለግ ነው፡፡ በኮምፒዩተር ሳይንስ ይህ ዓረፍተ ነገር የዑደቱ የማይለወጥ ሐቅ ይባላል፡፡ የአስተሳሰቡ ጅማሮ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ ባቀረበው አጭር ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፡፡ አሜሪካዊው ሮበርት ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1967፣ እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ደግሞ በ1969 ባሳተሟቸው ጽሑፎች የተሟላ ሥርዓት አበጅተውለታል፡፡

ለማስገባት ዘዴ የማይለወጠው ሐቅ እንዲህ ይነበባል፡- «በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ከቁጥር `j` በፊት ባሉት ቦታዎች የሚገኙት ስሞች መጀመሪያም በእነዚያው ቦታዎች የነበሩት ስሞች ናቸው፤ አሁን ግን በተራቸው ተቀምጠዋል፡፡» ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም መስፈርቶች፣ ማለትም የስሞቹን መሟላትና ተራቸውን፣ በአንድነት እንደያዘ ልብ ይሏል፡፡ ማረጋገጫው ሦስት ደረጃዎች አሉት፡፡

የመጀመሪያው ደረጃ መነሻው ነው፡፡ ዑደቱ ሲጀምር `j` 2 ስለሆነ ከእርሱ በፊት ያለው አንድ ስም ብቻ ነው፡፡ አንድ ስም ብቻውን ምንጊዜም በተራው ነውና ሐቁ በመነሻው እውነት ነው፡፡

ሁለተኛው ደረጃ ሐቁ ከአንድ ዙር ወደ ቀጣዩ የሚተላለፍ መሆኑን ማሳየት ነው፡፡ በዙሩ መጀመሪያ ሐቁ እውነት ነው እንበል፡፡ አንድ ስም በእጅ ይያዛል፤ ከእርሱ የሚበልጡትም የእርስ በርስ ተራቸውን እንደጠበቁ አንድ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይሸጋገራሉ፡፡ አንዳቸውም ሌላውን አይደመስሱም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው የሚገባው በእጅ የተያዘው ስም በለቀቀው ቦታ ሲሆን፣ ቀጣዮቹም ከፊታቸው ያለው በለቀቀው ቦታ ይገባሉ፡፡ መግፋቱ የሚቆመው በእጅ ከተያዘው የማይበልጥ ስም ሲገኝ ወይም ዝርዝሩ በግራ በኩል ሲያልቅ ነው፡፡ የግራው ክፍል አስቀድሞ በተራው ስለነበረ፣ ይህ ስም ካልበለጠ ከእርሱ በፊት ያሉትም አይበልጡም፡፡ በመሆኑም በእጅ የተያዘው ስም በክፍተቱ ሲገባ በግራው ያሉት ሁሉ አይበልጡትም፣ በቀኙ የተሸጋገሩት ሁሉ ይበልጡታል፡፡ በተራው ያለው ክፍል በአንድ ስም ጨምሮ ሐቁ ለቀጣዩ ዙር ጸንቶ ይገኛል፡፡

ሦስተኛው ደረጃ ማብቂያው ነው፡፡ ውስጣዊው ዑደት በእያንዳንዱ እርምጃ `i`ን በአንድ ስለሚቀንስ፣ ውጫዊውም `j`ን በአንድ ስለሚጨምር ሁለቱም ያለ ጥርጥር ያበቃሉ፡፡ ውጫዊው ዑደት ሲያበቃ `j` ከዝርዝሩ ብዛት በአንድ በልጦ ይገኛል፡፡ ያን ጊዜ «ከ`j` በፊት ያሉት ስሞች» ማለት ሙሉው ዝርዝር ማለት ነው፡፡ እንግዲህ ሙሉው ዝርዝር አንድም ስም ሳይጎድልበት በተራው ተቀምጧል፡፡ ማረጋገጫው ስለ ዝርዝሩ ርዝመት ምንም ስላልገመተ ለአምስት ከተሞችም ሆነ ለአንድ ሚሊዮን ስሞች እኩል ይሠራል፡፡

ስህተቱ በየትኛው ደረጃ ይታያል?

የዚህ ዘዴ ጥቅም ትክክለኛውን ፕሮግራም ከማጽደቅ ባሻገር የተሳሳተው የት ላይ እንደተሳሳተ ማመልከቱ ነው፡፡ `key` የተረሳበት ፕሮግራም የሚወድቀው በሁለተኛው ደረጃ ነው፡፡ ስሞቹ ሲገፉ የተነሳው ስም የተቀመጠበት ቦታ ስለሌለ «መጀመሪያም የነበሩት ስሞች ናቸው» የሚለው የሐቁ ክፍል ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሐሰት ይሆናል፡፡

ሌላው የተለመደ ስህተት ውጫዊው ዑደት እስከ `n` ድረስ መሄድ ሲገባው እስከ `n-1` ብቻ እንዲሄድ መጻፉ ነው፡፡ በዚህ ጊዜ መነሻውም መተላለፉም እንከን የላቸውም፡፡ የሚጎድለው ማብቂያው ነው፤ ሐቁ የሚናገረው ከመጨረሻው በስተቀር ስላሉት ስሞች ብቻ ይሆናል፡፡ በከተሞቹ ምሳሌ ውጤቱ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ባኮ፣ ጌዶ ይሆናል፡፡ ይህ ስህተት በሙከራ ሊያመልጥ የሚችለው በቀላሉ ነው፡፡ ለመሞከሪያ በቀረበው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ያለው ከተማ እንደ አጋጣሚ ባኮ ከሆነ ፕሮግራሙ ትክክለኛ ውጤት ይሰጣልና፡፡

ሙከራ የሳተውን ማረጋገጫ እንደሚያገኘው የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክም አለ፡፡ ቲምሶርት የተባለው የመደርደሪያ ስልተ ቀመር በቲም ፒተርስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2002 ፓይተን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ በኋላም በጃቫ ቋንቋና በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ገብቷል፡፡ በዓለም ዙሪያ ለዓመታት ያለማቋረጥ አገልግሏል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2015 ስታይን ደ ኻው እና የሥራ ባልደረቦቹ የጃቫውን ቅጂ ትክክለኛነት በማረጋገጫ ለማጽደቅ ሲሞክሩ ማረጋገጫው አልሞላ አላቸው፡፡ ፕሮግራሙ እንደሚጠብቀው የታመነው የማይለወጥ ሐቅ በአንዳንድ ሁኔታዎች እንደሚፈርስ ተደረሰበት፡፡ ተመራማሪዎቹ በልዩ ሁኔታ የተቀነባበረ በጣም ትልቅ ዝርዝር አቅርበው ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይጨርስ እንደሚቋረጥም በተግባር አሳይተዋል፡፡ በዕለት ተዕለት ሥራ ያልታየው ጉድለት የተገኘው ሐቁን ደረጃ በደረጃ በመፈተሽ ነበር፡፡

ከሰባት ጥያቄ በታች ለምን አይበቃም?

ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀረው የፍጥነት ጉዳይ ነው፡፡ የማስገባት ዘዴ ለተጠቀሱት ከተሞች 7 ጥያቄ በቅቶታል፡፡ ዝርዝሩ ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ቢቀርብለት ግን 1፣ 2፣ 3 እና 4 በድምሩ 10 ጥያቄ ያስፈልገዋል፡፡ የተሻለ ዘዴ ቢፈለግ ጥያቄውን እስከ ስንት ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

መልሱን ለማግኘት የፕሮግራሙን ውስጣዊ አሠራር ማወቅ አያስፈልግም፡፡ አምስት ከተሞች በ120 ዓይነት አቀማመጥ ሊቀርቡ እንደሚችሉ ከላይ ተገልጿል፡፡ ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጀምር ከ120ዎቹ የትኛው እንደቀረበለት አያውቅም፡፡ እያንዳንዱ ጥያቄ ሊያገኝ የሚችለው መልስ ከሁለት አንዱን ብቻ ነው፤ ወይ የመጀመሪያው ይርቃል፣ ወይ ሁለተኛው፡፡ በመሆኑም ጥያቄው ቀሪዎቹን አቀማመጦች በሁለት ክፍል ይከፍላቸዋል፡፡ ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ ቢያንስ ግማሹን ይይዛል፤ ዕድል ካልቀናም መልሱ የሚያስቀረው ይህንኑ ትልቁን ክፍል ነው፡፡

በዚህ ስሌት ከመጀመሪያው ጥያቄ በኋላ ቢያንስ 60፣ ከሁለተኛው በኋላ 30፣ ከሦስተኛው በኋላ 15፣ ከአራተኛው በኋላ 8፣ ከአምስተኛው በኋላ 4፣ ከስድስተኛው በኋላ 2 አቀማመጦች ይቀራሉ፡፡ በስድስት ጥያቄ የሚያቆም ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ አቀማመጦችን ሳይለይ ያቆማል ማለት ነው፡፡ ያልለያቸውን ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚያስተናግድ ቢያንስ በአንዱ ላይ መሳሳቱ አይቀርም፡፡ ስለዚህ አምስት ነገሮችን በማነጻጸር ብቻ በስድስት ጥያቄ ሁልጊዜ በትክክል የሚደረድር ፕሮግራም የለም፤ ወደፊትም ሊጻፍ አይችልም፡፡

በሰባት ጥያቄ ግን ይቻላል፡፡ በመጀመሪያ አምቦን ከጉደር፣ ቀጥሎ ጊንጪን ከባኮ ማነጻጸር ነው፡፡ ሦስተኛው ጥያቄ ከየጥንዱ የሚርቁትን ጉደርንና ባኮን ያነጻጽራል፡፡ በዚህ አምቦ፣ ጉደር፣ ባኮ የሚል ሰንሰለት ይገኛል፤ ጊንጪም ከባኮ እንደሚቀርብ ታውቋል፡፡ ጌዶ ከሰንሰለቱ መካከለኛ ከጉደር፣ ከዚያም ከባኮ ጋር ተነጻጽሮ በሁለት ጥያቄ ቦታውን ያገኛል፡፡ ጊንጪ ደግሞ ከባኮ በፊት ካሉት ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጌዶ መካከል ቦታው ሊፈለግለት ይገባል፡፡ እርሱም በመጀመሪያ ከመካከለኛው ከጉደር፣ ቀጥሎ ከአምቦ ጋር ተነጻጽሮ በሁለት ጥያቄ ይገባል፡፡ ድምሩ 3፣ 2 እና 2፣ በአጠቃላይ 7 ነው፡፡ ምስጢሩ እያንዳንዱ ጥያቄ ቀሪዎቹን አቀማመጦች በተቻለ መጠን እኩል ለእኩል እንዲከፍል ተደርጎ መመረጡ ነው፡፡

አንድ ሺህ ስም ሲሆን

ይኸው ስሌት ለማንኛውም ብዛት ይሠራል፡፡ አንድ ሺህ ስሞች ሊኖራቸው የሚችለውን የአቀማመጥ ብዛት እስከ አንድ ድረስ ለማውረድ ቢያንስ 8 ሺህ 530 ጊዜ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል፡፡ ይህ ቁጥር በማነጻጸር የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ዕድል ባልቀናው ጊዜ ሊወርድበት የማይችለው ወለል ነው፡፡ በሒሳብ አጻጻፍ ወለሉ ከ`n log n` ጋር ተመጣጣኝ በሆነ መጠን ያድጋል፡፡

የማስገባት ዘዴ ለአንድ ሺህ ስሞች እስከ 499 ሺህ 500 ጥያቄ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህም ከወለሉ ወደ ስልሳ እጥፍ የሚጠጋ ነው፡፡ የማዋሐድ ዘዴ የተባለው ስልተ ቀመር ግን ዝርዝሩን በግማሽ በግማሽ እየከፈለ ከደረደረ በኋላ መልሶ ያዋሕዳል፡፡ ይህ ዘዴ ከጆን ቮን ኖይማን ስም ጋር የተያያዘና እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የታወቀ ነው፡፡ ለአንድ ሺህ ስሞች ቢበዛ 8 ሺህ 977 ጥያቄ ይበቃዋል፡፡ በወለሉና በእርሱ መካከል ያለው ልዩነት 447 ጥያቄ፣ ማለትም አምስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው፡፡ በመሆኑም የማዋሐድ ዘዴን የሚጠቀም መሥሪያ ቤት የጥያቄውን ብዛት በግማሽ የሚቀንስ አዲስ የማነጻጸር ዘዴ አለ ቢባል አባባሉ እውነት ሊሆን አይችልም፡፡ ማሽኑ ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚወስደው ጊዜ ሊያጥር ይችላል፤ የጥያቄዎቹ ብዛት ግን ከወለሉ በታች አይወርድም፡፡

ወለሉ ምን እንደማይከለክልም ማወቅ ተገቢ ነው፡፡ አንደኛ፣ ወለሉ የሚናገረው ማንኛውም አቀማመጥ ሊቀርብ ስለሚችልበት ሁኔታ ነው፡፡ ዝርዝሩ አስቀድሞ በተራው ከሆነ የማስገባት ዘዴ አንድ ሺህ ስሞችን በ999 ጥያቄ ብቻ ይጨርሳል፡፡ በየወሩ ጥቂት ስሞች ብቻ የሚጨመሩበት መዝገብ ለዚህ ዘዴ የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ወለሉ የሚመለከተው በማነጻጸር ብቻ የሚሠሩትን ነው፡፡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሎችን በትውልድ ዓመት ለመለየት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሣጥን አዘጋጅቶ ፋይሉን በቀጥታ በሣጥኑ ቢያስገባ፣ ለአንድ ሺህ ፋይሎች የሚያስፈልገው አንድ ሺህ ጊዜ ማስገባት ብቻ ነው፡፡ ይህ ወለሉን አያፈርስም፤ «ዓመቱ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁለት በላይ መልሶች አሉትና፡፡ ይህን መንገድ መከተል የሚቻለው ግን ሣጥኖቹ አስቀድመው ሲታወቁና ቁጥራቸው የተወሰነ ሲሆን ነው፡፡

ሦስተኛ፣ ወለሉ ላይ መድረስ ሁልጊዜ አይቻልም፡፡ ለአሥራ ሁለት ነገሮች ስሌቱ 29 ጥያቄ ይሰጣል፡፡ ሆኖም ማርክ ዌልስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 በኮምፒዩተር ፍለጋ እንዳረጋገጠው በተግባር ከ30 በታች አይቻልም፡፡

የማነጻጸሪያው ደንብ

ሁለቱም ማረጋገጫዎች የቆሙት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው፡፡ የማነጻጸሪያው ደንብ ከራሱ ጋር መጋጨት የለበትም፡፡ ጊንጪ ከአምቦ የሚቀርብ፣ አምቦም ከባኮ የሚቀርብ ከሆነ ጊንጪ ከባኮ መቅረቡ ግድ ነው፡፡ በርቀት ረገድ ይህ ምንጊዜም ይጠበቃል፡፡ በስም ዝርዝር ረገድ ግን ሳይጠበቅ ሊቀር ይችላል፡፡

የግዕዝ ፊደላት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የተሰጣቸው የቁጥር ተራ የሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰን ቅደም ተከተል የተከተለ ነው፡፡ በዚህም ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ደግሞ ከረ በኋላ ይገኛሉ፡፡ በቁጥሩ ብቻ የሚደረድር ፕሮግራም ሠናይት፣ ራሄል፣ ሰናይት የሚል ተራ ያወጣል፡፡ ሁለቱ ሰናይቶች በድምፅ አንድ ሆነው ሳለ ሌላ ስም በመካከላቸው ይገባል፡፡

ይህን ለማቃናት ሲባል «ድምፃቸው አንድ የሆኑ ስሞች እኩል ይቆጠሩ፤ ሌሎቹ በቁጥራቸው ይነጻጸሩ» የሚል ደንብ ቢጨመር ነገሩ ይባባሳል፡፡ በደንቡ መሠረት ሠናይት ከራሄል ትቀድማለች፤ ራሄል ከሰናይት ትቀድማለች፤ ሠናይትና ሰናይት ደግሞ እኩል ናቸው፡፡ ሦስቱ በአንድነት ሊስማሙ አይችሉም፡፡ ዝርዝሩ ራሄል፣ ሰናይት፣ ሠናይት ተብሎ ቢቀርብ የማስገባት ዘዴ ሠናይትን ከሰናይት ጋር ብቻ አነጻጽሮ እኩል ስለሆኑ ያቆማል፤ ከራሄል መቅደም የነበረባት ስም በመጨረሻው ቦታ ትቀራለች፡፡ ሠናይት፣ ራሄል፣ ሰናይት ተብሎ ቢቀርብም እንዳለ ይተወዋል፡፡ ተመሳሳይ ስሞች እንደ አቀራረባቸው የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ ማለት ነው፡፡ የፈረሰው በማረጋገጫው ሁለተኛ ደረጃ «ይህ ስም ካልበለጠ ከእርሱ በፊት ያሉትም አይበልጡም» የተባለው እርምጃ ነው፡፡

ትክክለኛው አሠራር ከማነጻጸር በፊት እያንዳንዱን ስም ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ መለወጥ ነው፡፡ ሠ በሰ፣ ሐና ኀ በሀ፣ ዐ በአ፣ ፀ በጸ ተተክተው ንጽጽሩ በዚሁ አጻጻፍ ይካሄዳል፡፡ የባለቤቱ የራሱ አጻጻፍ ግን ለህትመት ሳይነካ ይቀመጣል፡፡ በዚህ ጊዜ ደንቡ ወጥ ስለሚሆን ማረጋገጫው በሙሉ ጸንቶ ይቆማል፡፡

በአምቦና በአካባቢው ከተሞች በሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ተመሳሳይ ጥያቄ በቁቤም ይነሳል፡፡ በቁቤ `dh` አንድ ድምፅ የሚወክል ጥምር ፊደል ሲሆን፣ በፊደል ገበታው ከነጠላዎቹ ፊደላት በኋላ ከሌሎች ጥምሮች ጋር ይዘረዘራል፡፡ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ፊደል አድርጎ ስለሚያየው `Dhugaa` የሚለውን ስም በ`Deebisaa` እና በ`Duulaa` መካከል ያስቀምጠዋል፡፡ ከሁለቱ አሠራሮች የትኛውም ቢመረጥ በራሱ ወጥ ስለሆነ ማረጋገጫውን አያፈርስም፡፡ የሚያፈርሰው ሁለቱን በአንድ መዝገብ ውስጥ ማደባለቅ ነው፡፡

ከዚህ አንጻር የመደርደሪያ ፕሮግራም የሚረከብ የሥራ ኃላፊ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፡፡ የመጀመሪያው የማነጻጸሪያው ደንብ ነው፡፡ ሁለተኛው የዑደቱ የማይለወጥ ሐቅ ከነሦስቱ ደረጃዎቹ ነው፡፡ ሦስተኛው እያንዳንዱ ስም ከመደርደሩ በፊትና በኋላ ስንት ጊዜ እንደተገኘ የሚያሳይ ቆጠራ ነው፡፡ ጉደርን ሁለት ጊዜ፣ ባኮን ሦስት ጊዜ ጽፎ አምቦን፣ ጊንጪንና ጌዶን የጣለው ፕሮግራም ተራውን በሚመለከተው ፍተሻ ቢያልፍም በዚህ ቆጠራ ወዲያውኑ ይያዛል፡፡